በመጨረሻው ስላይድ ላይ አንባቢውን ምን ልጠይቀው?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የዳቦ አጋገር ሥልጠና እሰጣለሁ፤ ሠልጣኞቼንም የማገኘው በኢንስታግራም ከማወጣቸው ባለ 8 ስላይድ ካሩሰሎች ነው። የዚህ ወር ግቤ ለቀጣዩ ዙር 12 ሰው ማስመዝገብ ብቻ ነው።

ሊጥ ሳይነሳ የሚቀርበትን ምክንያት ባስረዳሁበት ልጥፍ መጨረሻ ላይ «ሴቭ፣ ሼር፣ ኮሜንት፣ ፎሎው አድርጉ፤ ባዮው ላይ ያለውን ሊንክም ንኩ» ብዬ አምስቱንም ደረደርኩ። 214 ሰዎች ሴቭ ሲያደርጉት ሊንኩን የነኩት 6 ብቻ ሲሆኑ፣ የተመዘገበ ግን አንድም ሰው የለም። የእርሾና የውኃ መጠን የያዘ ስላይድ ሊጥ በሚቦካበት ሰዓት ተከፍቶ የሚታይ ስለሆነ፣ ሴቭ መደረጉ እንኳ አልገረመኝም።

ስለ ምድጃ ሙቀት ባወጣሁት በሁለተኛው ልጥፍ ሌላውን ሁሉ ትቼ «መሠልጠን የምትፈልጉ ‹ዳቦ› ብላችሁ ኮሜንት ጻፉ፤ ዝርዝሩን በውስጥ መስመር እልካለሁ» አልኩ። 41 ሰዎች ጻፉልኝ፤ ሆኖም ዋጋውንና ቦታውን ስልክላቸው አብዛኞቹ ዝም አሉ፣ ግማሽ ያህሉም ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖሩ ሆነው ተገኙ፤ በመጨረሻ የተመዘገቡት 4 ናቸው። ሴቭ ያደረጉትም ወደ 30 ወረዱ፤ ርዕሱንም ጥያቄውንም በአንድ ጊዜ ስለቀየርኩ ግን የትኛው እንዳወረደው መለየት አልቻልኩም።

ቀሪዎቹን 8 ሰዎች ለማግኘት ቦታውን፣ ቀኑንና ዋጋውን እዚያው ስላይድ ላይ ጽፌ በኮሜንቱ ልቀጥል፣ ወይስ በማስተማሪያው ካሩሰል ሴቭ ብቻ ጠይቄ ምዝገባውን ሊንክ በሚለጠፍበት ስቶሪ ላይ ለብቻው ላውጣው?