ውላችን ሲንጋፖርን መርጦ ሳለ አገራችን ያስፈረድነውን ፍርድ እንግሊዝ ማስፈጸም ይቻላል?

ህሊና፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት ድርጅት እ.ኤ.አ. ጁን 2021 ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ የማሸጊያ ማሽን ለመግዛት ተዋዋለ። ማሽኑ ኖቬምበር 2021 ደረሰ፤ ነገር ግን በውሉ የተባለውን ያህል ማምረት አልቻለም። ሻጩ ገንዘብ አልመልስም ስላለ አገራችን ፍርድ ቤት ከሰስነው፤ በ2024 180,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈረደልን። ንብረቱ ግን በሙሉ ያለው እንግሊዝ ነው። ውላችን ደግሞ «ከዚህ ውል የሚነሳ ክርክር በሲንጋፖር ፍርድ ቤቶች ብቻ ይታያል፤ ውሉም በሲንጋፖር ሕግ ይገዛል» ይላል። የእኛ ፍርድ ቤት «ሥልጣኔን በግል ስምምነት ማስቀረት አይቻልም» ብሎ ተቃውሞውን አልፎታል። አገራችን የፍርድ ቤት ፍርዶችን በሌላ አገር ስለማስፈጸም የተደረጉት የሄግ ስምምነቶች አባል አይደለችም። ይህ ፍርድ እንግሊዝ ይሠራልናል?

በረከት፦
ይሠራል። እንግሊዝ እንደ ብዙ አገሮች «ከእናንተ ጋር ስምምነት የለንም» ብላ አትመልስም። ፍርዱን እንደ ዕዳ ቆጥራችሁ እዚያው አዲስ ክስ ትመሠርታላችሁ። ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነና የተወሰነ ገንዘብ የሚያስከፍል ከሆነ ዳኛው ወደ ክርክሩ ፍሬ ነገር ተመልሶ አይገባም። ፍርዱ ከተሰጠ 6 ዓመት ሳይሞላው መክሰስ ብቻ ነው ያለባችሁ።

ትዕግስት፦
እኛም እንዲህ ያለ ጉዳይ ነበረን። የኒውዮርክ ስምምነትን ተመልከቱ፤ በ1958 የወጣ ነው፤ ከ170 በላይ አገሮች ገብተውበታል። የእኛ ውሳኔ በእርሱ አማካይነት ያለ ብዙ ክርክር ነው የተፈጸመው። ውሳኔውንና ውሉን አቀረብን፣ አለቀ።

ህሊና፦
እህቴ፣ የእናንተን የሰጠው የግልግል ዳኛ ነበር ወይስ ፍርድ ቤት?

ትዕግስት፦
የግልግል ጉባኤ ነው። አሁን ገባኝ፤ የእናንተ የፍርድ ቤት ፍርድ ነው። የኒውዮርኩ ለፍርድ ቤት ፍርድ አይሆንም።

ጋሽ ሽፈራው፦
በረከት ስለ አዲሱ ክስም ሆነ ስለ 6 ዓመቱ የተናገረው ልክ ነው። የዘለለው ነገር ግን ጉዳዩን የሚወስነው እርሱ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የፈረደው ፍርድ ቤት በእኔ ዓይን ሥልጣን ነበረው ወይ?» ብሎ ነው። የእናንተ አገር ሕግ ለራሱ ፍርድ ቤት ሥልጣን መስጠቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ተከሳሹ ክሱ ሲቀርብ በአገራችሁ ይገኝ ነበር ወይም ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን በፈቃዱ ተገዝቷል ብላችሁ ማሳየት አለባችሁ።

ከዚያ ሁለተኛው አጥር አለ። በ1982 የወጣው የእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ሥልጣንና ፍርዶች ሕግ አንቀጽ 32፣ ክርክሩ ሌላ ቦታ እንዲታይ ተስማምተው ሳለ አንዱ ወገን ያን ጥሶ ያስፈረደው ፍርድ ዕውቅና አያገኝም ይላል። የእናንተ ፍርድ ቤት በውላችሁ ያለውን የሲንጋፖር ምርጫ «አይሠራም» ማለቱም አይጠቅማችሁም፤ በዚህ ነጥብ የእንግሊዝ ዳኛ በውጭ ፍርድ ቤት ብይን እንደማይታሰር አንቀጽ 32 ራሱ በግልጽ ያስቀምጣል። ሕጉ የሚተወው አንድ ቀዳዳ አለ፤ የምርጫ አንቀጹ ፈራሽ ከሆነ ወይም እናንተ ጥፋት ሳይኖርባችሁ ሊፈጸም የማይችል ሆኖ ከተገኘ ነው። ከሲንጋፖር ፍርድ ቤት ጋር እንዲህ ያለ ነገር አይታየኝም።

ሌላው ቀዳዳ ተከሳሹ ራሱ ለፍርድ ቤቱ ተገዝቶ ወይም የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቅርቦ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ሻጩ እናንተ አገር ፍርድ ቤት ምን አደረገ የሚለው ነው። ሙሉውን ንገሪኝ። ጠበቃ ላከ? ምን አስገባ? የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቀረበ?

ህሊና፦
አመሰግናለሁ ጋሽ ሽፈራው። ቅርንጫፍም ሆነ ቢሮ እዚህ የለውም። ጠበቃ ልኮ አንድ ጽሑፍ አስገባ። መጀመሪያው ክፍል «ሥልጣኑ የሲንጋፖር ነው» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው። ቀጥሎ «መቃወሚያችን ውድቅ ቢሆን እንኳ ጉድለቱ የማሽኑ ሳይሆን የአጠቃቀም ነው» ይላል። መቃወሚያው ውድቅ ሲሆን ተመልሶ አልመጣም፤ በሌለበት ተፈረደ። የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አላቀረበም። እዚህ አንድ ባንክ የነበረው አነስተኛ ገንዘብ ታግዶበት ስለነበር እግዱ እንዲነሳ አመልክቷል።

በረከት፦
ይኸው! ስለ ማሽኑ ጉድለት ተከራክሯል፣ እግድ ይነሳልኝ ብሏል። ይህ መገዛት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጋሽ ሽፈራው፦
በረከት፣ እንዲያ ቢሆን ለህሊና ደስ ባለኝ። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 33 ሥልጣን ለመቃወም መቅረብን፣ እንዲሁም የታገደ ንብረትን ለማስለቀቅ ወይም ለመጠበቅ መቅረብን እንደ መገዛት አይቆጥርም። እግዱ ስለዚህ ይወጣል። የቀረው «ቢሆን እንኳ» የሚለው አማራጭ መልስ ነው። እዚህ የእንግሊዝ ዳኞች የፈረደውን አገር ሥነ ሥርዓት ያያሉ። ሥነ ሥርዓቱ መቃወሚያና የመከላከያ መልስ በአንድ ላይ ይቅረቡ የሚል ከሆነ፣ ተከሳሹ ተገዶ እንጂ ወድዶ አልመለሰም ይባላል። መቃወሚያውን ብቻ አስገብቶ ብይን መጠበቅ የሚችል ከነበረ ግን የእናንተ ክርክር ነፍስ ይዘራል። የእናንተ ሕግ የትኛውን ይላል?

ህሊና፦
አንድ ላይ ይቅረብ ይላል። መልስ ያላስገባ ተከሳሽ የመመለስ መብቱ ያልፈዋል።

ጋሽ ሽፈራው፦
እንግዲያው እንግሊዝ ገብታችሁ የምትሸነፉበት ዕድል ያመዝናል፤ ስትሸነፉ ደግሞ የሻጩን የጠበቃ ወጪ በአብዛኛው እናንተ ትከፍላላችሁ። እዚህ የታገደውን የባንክ ገንዘብ በራሳችሁ ፍርድ ቤት አስፈጽሙ፤ ለእርሱ የውጭ ዕውቅና አያስፈልግም።

ለቀሪው መንገዱ ሲንጋፖር ነው። በ2005 የተደረገው የፍርድ ቤት ምርጫ የሄግ ስምምነት በሲንጋፖር ከኦክቶበር 1, 2016 ጀምሮ ይሠራል፤ ብሪታንያም አባል ናት። የእናንተ ውል የ2021 ስለሆነ ከዚያ በኋላ ይወድቃል። የእናንተ አገር አባል አለመሆን ደግሞ እዚህ አያግድም፤ የሚታየው የተመረጠው ፍርድ ቤት አገርና ፍርዱ የሚፈጸምበት አገር አባልነት ነው። አሁን የጎዳችሁ ያው አንቀጽ ሲንጋፖር ብትከሱ እንግሊዝ በር የሚከፍትላችሁ እርሱ ይሆናል።

ህሊና፦
ይህን አላሰብኩም ነበር። ጊዜው አላለፈም? ሲንጋፖር ብናስፈርድም እንግሊዝ ሌላ መሰናክል አይመጣም?

ጋሽ ሽፈራው፦
በሲንጋፖር የውል ክስ ይርጋ ውሉ ከተጣሰበት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ነው፤ ውላችሁ በዚያው ሕግ ስለሚገዛም የሚቆጠረው ይኸው ነው። ማሽኑ በደረሰበት ቀን እንቁጠር ብንል እስከ ኖቬምበር 2027 ትደርሳላችሁ። አገራችሁ ያቀረባችሁት ክስ ይህን ይርጋ ያቋርጣል ብላችሁ ግን አትዘናጉ።

እንግሊዝ ስትደርሱ ዳኛው ፍሬ ነገሩን አይመረምርም። የሚያቀርቡት የፍርዱ የተረጋገጠ ሙሉ ግልባጭ፣ የምርጫ አንቀጹን የያዘው ውል፣ ፍርዱ በሲንጋፖር ሊፈጸም የሚችል መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ነው። ሻጩ እዚያም ካልቀረበና በሌለበት ከተፈረደ፣ መጥሪያው እንደደረሰው የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል። ሰዎች የሚወድቁት በብዛት እዚህ ላይ ነው፤ መጥሪያውን በኢሜይል ልኮ «አይቶታል» ማለት አይበቃም። መጥሪያ የደረሰበት መንገድ ወይም ጊዜ ለመከላከል ካላስቻለው ለመቃወም ምክንያት ያገኛል። የሚቀሩት ምክንያቶች ማጭበርበር፣ ከሕዝብ ሥርዓት ጋር በግልጽ መጋጨት፣ ከሌላ ፍርድ ጋር መቃረን የመሳሰሉ ናቸው።

ሙሉጌታ፦
ጋሽ ሽፈራው የተናገሩት ስለ መገዛት ያለው እኛን አስከፍሎናል። እኛ በተቃራኒው ተከሳሽ ነበርን። ውላችን የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶችን ብቻ ይላል፤ ገዢው በራሱ አገር ከሰሰን። ያቆምነው ጠበቃ የሥልጣን ጉዳይ ሳያነሳ ቀጥታ መልስ ሰጠ፣ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስም ጨመረ። ገዢው ፍርዱን እንግሊዝ ሲያመጣ አንቀጽ 32ን ብንጠቅስም «እናንተ ራሳችሁ ተከሳሽ ከሳሽ ሆናችሁ» ተባልን። ተከሳሽ የምትሆኑ ሰዎች የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሥልጣኑን ሳትቃወሙ ምንም አትጻፉ።

ዳዊት፦
እኔ ደግሞ ያለኝ ውል «ገዢው የሚከሰው በለንደን ብቻ ነው፤ ሻጩ ግን ሥልጣን ባለው ማንኛውም ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል» ይላል። ይህም እንደ ህሊና አንቀጽ ብቸኛ ተብሎ ሄግ ውስጥ ይገባል?

ጋሽ ሽፈራው፦
ይህ አልጠራም። የ2005ቱ ስምምነት የአንድ አገር ፍርድ ቤት ከተመረጠ፣ ተዋዋዮች በግልጽ ሌላ ካላሉ በቀር ብቸኛ ነው ይላል። የእናንተ ግን ለአንዱ ወገን በግልጽ ሌላ ብሏል። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 እንዲህ ያለው አንቀጽ ምናልባት በስምምነቱ እንደማይሸፈን አስተያየት ሰጥቷል፤ ለጉዳዩ ውሳኔ ግን አላስፈለገውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2025 በአንድ ወገን ያዘነበለ አንቀጽ በኅብረቱ ሕግ መቼ እንደሚጸና ወስኗል፤ ያ ግን የኅብረቱን ደንብ እንጂ ይህን የሄግ ስምምነት አይመለከትም። ወደፊት የምትፈርመው ከሆነ ሁለቱንም ወገን በአንድ ፍርድ ቤት እሰር።

ህሊና፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሲንጋፖር ስንከስ ሻጩ «አንቀጹን ጥሳችሁ ሌላ አገር ከሳችሁ አስወጥታችሁኛል» ብሎ መልሶ ሊከሰን ይችላል? ደግሞስ «አንድ ጊዜ ተፈርዶላችኋል፤ ሁለተኛ አትከሱም» ቢለን?

ጋሽ ሽፈራው፦
የመጀመሪያውን ሊሞክር ይችላል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች አንቀጹን ለጣሰ ወገን የኪሳራ ካሳ ፈርደው ያውቃሉ፤ ሲንጋፖርም የምታስበው በተመሳሳይ የሕግ ባህል ነው። እናንተ አገር ለጠበቃ ያወጣውን ከምትጠይቁት ላይ ልቀንስ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል ስሌታችሁ ውስጥ አስገቡት። ስለ ሁለተኛው፣ ካገዳችሁት የባንክ ገንዘብ የተቀበላችሁትን ከጥያቄያችሁ መቀነስ ይኖርባችኋል፤ ሁለት ጊዜ መቀበል አይፈቀድም። ቀድሞ የተሰጠው ፍርድ ራሱ አዲሱን ክስ ያግዳል ወይ የሚለውን ግን መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት ከሲንጋፖር ጠበቃ በጽሑፍ አስተያየት ውሰዱ፤ ያገራችሁን ፍርድ ሙሉ ግልባጭና የሻጩን መልስ አብራችሁ ስጡት።