የሰፈራችን በጀት፦ የነዋሪውን ምርጫና ወጪውን እንዴት እንመዝግበው?

የአራዳ ልጅ (ካልጋሪ)

እንደምን አላችሁ ወገኖቼ። ጎንደር አራዳ ክፍለ ከተማ ያለው የሰፈራችን ማህበር ዘንድሮ 800 ሺህ ብር አሰባስቧል፣ አብዛኛው እኛ ውጭ ያለነው የላክነው ነው። ምን ይሰራ የሚለውን ነዋሪው ራሱ ይወስን ብለን ከ68 ቤት ሰው ተሰብስቦ ለየቤቱ ሦስት ሦስት ፍሬ ባቄላ ታደለና እንደፈለጉ በየጣሳው ጨመሩ። የጎርፍ ቦይ 62፣ የጋራ ውሃ ሮቶ 58፣ የመንገድ መብራት 41፣ የእድር አዳራሽ ጣራ 33፣ የልጆች ሜዳ 10 ወጣ። እኛ 22 ሰዎች ደግሞ በስልክ መረጥን፣ መብራት 30፣ ሮቶ 20፣ አዳራሽ 12፣ ቦይ 4። አሁን ፀሐፊያችን ሁለቱን ደምሬ ሰንጠረዥ ላይ ላስገባ እያለ ነው፣ ሲደመር ግን ሮቶ 78፣ መብራት 71፣ ቦይ 66 ይሆንና እዛ ያለው ሰው አንደኛ ያለው ቦይ ሦስተኛ ይወርዳል። ይሄ ነገር ልክ አልመሰለኝም። ወጪውንስ እንዴት ነው የምንጽፈው? እንዲህ አይነት ስራ የሰራ ካለ እባካችሁ።

ቀሐ ማዶ (ዳላስ)

ወንድሜ ይሄን ያህል አታክብደው፣ ብዙ ድምፅ ካገኘው ጀምረህ ብሩ እስኪያልቅ ወደታች መውረድ ነው። ገንዘብ የላከ ሰው ደግሞ ድምፁ መቆጠር አለበት፣ እኛም የሰፈሩ ልጆች ነን። ወጪውን ግን ሙሉ በሙሉ በዶላር ጻፉት፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በብር የተጻፈ በጀት ሁለት ወር አይቆይም።

ታች ሰፈር (ጎንደር)

ልጆቼ እኔ ከታቹ ቤቶች ነኝ፣ ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጥል ውሃው ከላይ ከድንጋዩ መንገድ ተሰብስቦ በበሬ ይገባል፣ የጤፉን ማዳበሪያ ድንጋይ ደርድሬ ነው የማስቀምጠው፣ አልጋው እግሩ በስብሶ ሁለቴ ተቀይሯል። ሦስቱንም ፍሬ ቦይ ላይ ነው የጨመርኩት። እናንተ ለጥምቀት ነው የምትመጡት፣ ጥር ላይ ደግሞ ሰፈሩ ደረቅ ነው፣ የምታዩት ማታ ከፋሲለደስ መዋኛ ስትመለሱ ያለውን ጨለማ ነው። አልፈርድባችሁም፣ ግን ክረምቱን ያላየ ሰው ቦይ ሊመርጥ አይችልም።

ማራኪ (ጎንደር)

እናታችን የተናገሩት ነገር በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ መጻፍ አለበት፣ ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ እሱ ነው። እኔ በግንባታ ስራ ላይ ነኝ፣ ሁለት ሰፈር ላይ እንዲህ አይነት በጀት ሲዘጋጅ አግዣለሁ፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ድምፁን አትደምሩት። የነዋሪው አንድ ዓምድ፣ የውጮቹ ሌላ ዓምድ ሆኖ ጎን ለጎን ይቀመጥ፣ ከተደመረ በኋላ ማን ምን እንዳለ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ሌላው፣ 62 ማለት 62 ቤት ማለት አይደለም፣ 62 ፍሬ ነው። ከስንት ቤት እንደመጣ ካልተጻፈ ቁጥሩ ያሳስታል። የአራዳ ልጅ፣ የቤት ዝርዝሩ ካለ እስኪ አስቆጥረው።

ከዛ ደግሞ ችግሩና መፍትሄው በአንድ መስመር መጻፍ የለባቸውም። «ቦይ» መፍትሄ ነው፣ ችግሩ «ከእገሌ በር እስከ ድልድዩ ያሉ ቤቶች ክረምት ውሃ ይገባባቸዋል» ነው። ችግሩ በሰዉ አፍ እንደተነገረ ከተያዘ መሐንዲሱ ሲመጣ ከቦይ ሌላ የሚረክስ መንገድ ሊያሳይ ይችላል፣ ቦይ ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ግን ቦይ ይሰራና ውሃው ሌላ ሰው ቤት ይገባል።

ቀሐ ማዶ፣ በዶላር መጻፉ ግማሹ ትክክል ነው። ፌሮና ሮቶ ምንዛሬውን ተከትለው ይሄዳሉ፣ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ግንበኛና የቀን ሰራተኛ ግን የራሳቸው ገበያ ነው ያላቸው፣ የምንከፍለውም በብር ነው። ስለዚ በብር ጻፉ፣ ግን በእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ ዋጋው የተጠየቀበት ቀንና ከየት እንደተገኘ ይኑር። ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው እስከመቼ እንደሚጸና ተጽፏል፣ እሱን ቀን ወደ ሰንጠረዡ አምጡት፣ ያለፈበት መስመር ካለ ድምር ውስጥ ሳይገባ እንደገና ይጠየቅ። በጀት የሚያዘውም ባንክ በገባው ብር ልክ ነው፣ «እልካለሁ» የተባለው ለብቻው ይጻፍ።

ስቶክሆልም

ጥሩ ውይይት ነው። እኔም አዘዞ ቤት እያሰራሁ ለወንድሜ ነው የምልከው፣ ሲሚንቶ ገባ ይለኛል፣ ብር አለቀ ይለኛል፣ ደረሰኝ ስጠይቀው ይቀየማል። እናንተ ማህበር ሆናችሁ እንዴት ትቆጣጠራላችሁ? ለግል ቤትም የሚሆን ፎርም ካለ ላኩልኝ።

ማራኪ (ጎንደር)

ስቶክሆልም፣ ያንተ ጉዳይ የግል ስለሆነ እዚህ ያለው ሰንጠረዥ እንዳለ አይሆንህም፣ የሚጠቅምህ አንድ ነገር ግን አለ፣ ወንድምህ የሚቀየመው ከጥቃቅኑ ወጪ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ማራገፊያ የሚወስዱ ልጆች ደረሰኝ አይሰጡም፣ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩና አሸዋው ከአስፋልቱ ዳር ተራግፎ በሰው ሸክም ወይ በአህያ ነው የሚገባው። የማህበራት በጀትም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቢያጆ አሸዋ ይህን ያህል ብለው ይጽፉና ማስገቢያውን ይረሱታል። ዳገት ሰፈር ላይ ማስገቢያ የራሱ መስመር ይኑረው፣ ከፋዩና ሁለት ምስክር የፈረሙበት ወረቀት ደረሰኝ ሆኖ ይያዝ።

የአራዳ ልጅ (ካልጋሪ)

ማራኪ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፀሐፊያችን ቆጥሮ ላከልኝ፣ የቦዩ 62 ፍሬ የመጣው ከ31 ቤት ነው፣ የሮቶው 58 ፍሬ ግን ከ49 ቤት። ደነገጥኩ ነው የምላችሁ፣ ከታች ያሉት እንደ እናታችን ሦስቱንም ቦይ ላይ አድርገውት ነው። ግምቱም ደረሰን፣ ቦይ 120 ሜትር 610 ሺህ፣ ሮቶ ከነማስቀመጫ ግንቡ 290 ሺህ፣ መብራት 180 ሺህ፣ አዳራሽ ጣራ 340 ሺህ። ቀሐ ማዶ እንዳለው ከላይ ወደታች ብንሄድ ቦይ ተሰርቶ 190 ሺህ ይተርፋል፣ ሮቶ አይበቃውም፣ መብራት ይበቃዋልና ጠቅላላ 790 ሺህ።

ማራኪ (ጎንደር)

እንደዛ ከሆነ የሚተርፈው 10 ሺህ ብር ብቻ ነው፣ መጠባበቂያ የለም ማለት ነው። ቁፋሮው ላይ አለት ከወጣ ስራው ይቆማል፣ ጎንደር ደግሞ አለት ብርቅ አይደለም። ከ49 ቤት የተጠየቀው ሮቶም ከ41 ፍሬው መብራት ኋላ ይቀራል።

ቦዩ በሁለት ዙር ይሰራ ብላችሁ አስገምቱት። ግን ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ዙር የግድ የታችኛው ክፍል፣ ውሃው የሚወጣበት ጫፍ ነው። ከላይ ከጀመራችሁ የተሰበሰበውን ውሃ ሁሉ መውጫ በሌለበት እናታችን በር ላይ ታፈሱታላችሁ። የታችኛው ሰፋ ያለ ስለሚሆን በሜትር ትንሽ ይወደዳል። 70 ሜትሩ 370 ሺህ ነው እንበል፣ ከሮቶው 290 ሺህ ጋር 660 ሺህ፣ ከዛ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ 99 ሺህ፣ ጠቅላላ 759 ሺህ። የሚቀረው 41 ሺህ የጥገና ይሁን፣ ቦይ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ካልተጠረገ በፕላስቲክና በአፈር ይዘጋል፣ ሮቶም መታጠብ አለበት።

የነዋሪው ጉልበት ሌላው የሚምታታ ነገር ነው። ቁፋሮውን ሰዉ በነጻ እሰራለሁ ካለ ዋጋው ይተመን፣ ግን «በጉልበት» በሚል ዓምድ እንጂ ከጥሬ ብሩ ጋር አይደመር። 120 የሰው ቀን በ500 ብር ቢታሰብ 60 ሺህ ብር ነው። ሰው ካልወጣ ያ 60 ሺህ ከመጠባበቂያው ይሄዳልና ማህበሩ ገና ከጅምሩ ይወቀው።

አውቶ ፓርኮ (ጎንደር)

ሁለት ነገር ልጨምር። ቦዩ መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ ኮብልስቶኑ ተነስቶ መመለስ አለበት፣ ፈቃድም ከማዘጋጃ ቤት ነው፣ የወጣው ውሃ የት ይደፋል የሚለውን ሳታስፈቅዱ ብር አትክፈሉ። ሮቶው ደግሞ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በተራችሁ ቀን ግፊቱ ከፍታው ላይ ያደርሰዋል ወይ? በዛ ቀን አንድ በርሜል በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለክታችሁ ጻፉ። ካልደረሰ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ያኔ 290 ሺህ የተባለው አይሰራም።

ቀሐ ማዶ (ዳላስ)

የዙሩ ነገር ገብቶኛል፣ ጥሩ ነው። የድምፁ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። እዚህ ሁለት ስራ እየሰራ የላከ ሰው መብራት ብሎ መርጦ መብራቱ ጭራሽ ከወጣ በሚቀጥለው ዓመት ማን ያዋጣል?

ማራኪ (ጎንደር)

ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድምዓለም። ብራዚል ፖርቶ አሌግሬ ላይ ይሄ አሰራር በፈረንጆቹ 1989 ሲጀመር ድምፅ ብቻ አልነበረም የሚታየው፣ አገልግሎቱ የጎደለበት አካባቢና የሕዝቡ ብዛትም ነጥብ ነበራቸው። እኔ የምለው ውሃው የሚገባበት ሰው ቅድሚያ ይምረጥ፣ የውጮቹ ምርጫ ደግሞ በራሳቸው ዓምድ ላይ ቆይቶ ከጥቅምት በኋላ ለሚላከው ብር የመጀመሪያው መስመር መብራት ይሁን። ይሄ ግን የኔ ሀሳብ ነው፣ ማህበሩ ነው የሚወስነው።

ታች ሰፈር (ጎንደር)

አንድ ነገር፣ በስብሰባው ተከራዮቹ አልተጠሩም። እኔ ግቢ ሁለት ቤት ተከራይ አለ፣ ውሃው ለነሱም አይቀርም። የቤት ባለቤት ብቻ ነው ባቄላ የተሰጠው።

የአራዳ ልጅ (ካልጋሪ)

ይሄን አልሰማሁም ነበር እትዬ። ለፀሐፊው ደውዬ 68ቱ ቤት ሲባል ተከራይ ገብቶ እንደሆነ አጣራለሁ፣ ካልገቡ በፊት ከወጣው ጋር ሳይቀላቀል የነሱን ለብቻ እንዲያስመርጥ እጠይቀዋለሁ። የሲሚንቶው ፕሮፎርማ የሚጸናው እስከ ሐሙስ ነው፣ የበርሜሉን ልኬት ከዛ በፊት ካገኘን ሰንጠረዡን እዚሁ አስቀምጠዋለሁ።