«እንዳይቀሩብን» በጥሪ ደብዳቤ ላይ ያስኬዳል?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን 25ኛ ዓመቱን ያከብራል። በጡረታ የተሰናበቱትን ሥራ አስኪያጆችና የቦርድ አባላት የምንጠራበትን ደብዳቤ እኔ ነኝ የማዘጋጀው። ረቂቁ «በበዓሉ ላይ እንዲገኙ በአክብሮት እናሳስባለን» ይላል። አለቃዬ «ደረቀ» አሉ። «እንዳይቀሩብን» ብዬ ብጨርሰውስ?

የቀለም ቀንድ፦ መጀመሪያ «እናሳስባለን» ይውጣ። እሱ የውኃ ቢል ላልከፈለ ሰው ነው የሚጻፈው። ማሳሰቢያ ግዴታ ላለበት ነው፤ እንግዳ ምን ግዴታ አለበት? ቀጥሎ «እንዲገኙ»ን «እንዲገኙልን» በዪው። ያቺ «ልን» ስትገባ መምጣታቸው ለእናንተ የዋሉት ውለታ ይሆናል። ሙቀቱ እዚያ ላይ ነው።

ዳኛው፦ «ብን» ግን ለክፉ ነገር ነው። ሞተብን፣ ጠፋብን፣ ተበላሸብን እንላለን። ለትልቅ ሰው አይጻፍም።

የቀለም ቀንድ፦ ጉዳት ማሳየቱ ልክ ነው። ተጎጂው ግን ማን ነው? ጋባዡ! «እርስዎ ከቀሩ የሚጎድልብን እኛ ነን» ማለት ነው። እንግዳውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያዋርደውም። እኔን የሚከብደኝ የአፍ ቋንቋ መሆኑ ነው። በስልክ ያምራል፤ ከማኅተም አጠገብ ግን ትንሽ ይቀላል።

የሙሽራዋ እናት፦ እኔ በልጄ ሠርግ ካርድ ላይ «ከነቤተሰብዎ» አስጽፌ አዳራሹ አልበቃ አለ። እናንተም የምትጠሩት ሁለት ሰው ከሆነ «ከባለቤትዎ ጋር» በሉና ቁርጡን ጻፉ።

ጎንደሬው፦ እኛ ጋ ለአባቶች «አንቱ» ነው። «እርስዎ» የቢሮ ይመስላል።

የቀለም ቀንድ፦ በአፍ እውነትህን ነው። በጽሑፍ ግን «እርስዎ» ይለመዳል። ደግሞ «እርስዎ» ወንድና ሴት ስለማይለይ አንዱ ደብዳቤ ለሁሉም ይሆናል። የሚቀየረው ከላይ ያለው «ክቡር» ወይም «ክብርት» ብቻ ነው። እንዲህ ብትዪውስ፦

«ድርጅታችን 25ኛ ዓመቱን ታኅሣሥ 12 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በዋናው መሥሪያ ቤት አዳራሽ ያከብራል። መሠረቱን ከጣሉት መካከል ነዎትና፣ ጥሪያችንን አክብረው በዓሉን አብረውን እንዲያከብሩልን በታላቅ አክብሮት ጋብዘንዎታል።»

ዳኛው፦ ያከብራል፣ አክብረው፣ እንዲያከብሩልን፣ አክብሮት! አራት ጊዜ!

የቀለም ቀንድ፦ ተያዝኩ፤ ጆሮህ ይባረክ። «ጥሪያችንን አክብረው» ይውጣ። «አብረውን እንዲያከብሩልን» የሚለውም «ከእኛ ጋር እንዲሆኑልን» ይሁን። «መሠረቱን ከጣሉት» የሚለውን ግን እንዳትነኪው። ሰውየው ለምን እንደተጠራ የሚነግረው እሱ ነው። በኋላ ለተቀጠሩት ደግሞ ሌላ ምክንያት ፈልጊላቸው፤ አለዚያ ሐሰት ይሆናል።

ጸሐፊዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዋናውን እንዲሁ አሳትመዋለሁ። «እንዳይቀሩብን»ን ደግሞ አለቃዬ ከፊርማቸው በታች በእጃቸው ይጽፉታል።

ዳኛው፦ በእጅም ቢሆን «ብን» «ብን» ነው።

ጎንደሬው፦ ለእኔ ቢጻፍልኝ ግን አልቀርም ነበር።