ኤንፒቪ ዜሮ እንዲሆን በዓመት ስንት ብሎኬት ልሽጥ?

ዘይኑ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ኮምቦልቻ ብሎኬት ማምረቻ ልከፍት ነው። ማሽኑና ተከላው 1,200,000 ብር ይፈጃል፤ 5 ዓመት ይሠራል ብዬ ይዣለሁ። ኪራይ፣ ዘበኛና ቋሚ ደመወዝ በዓመት 360,000 ብር ነው። አንዱን በ40 ብር እሸጣለሁ። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጠጠሩና የቀን ሠራተኛው ተደምሮ 30 ብር ያስወጣኛል። በዓመት 85,000 እሸጣለሁ ብዬ አስባለሁ። ብሩን ሌላ ቦታ ባውለው 20 በመቶ አገኛለሁ። ኤንፒቪው፣ ማለትም ወደፊት የሚገባው ብር በዛሬ ዋጋ ተተምኖ የማሽኑ ወጪ ሲቀነስበት የሚቀረው፣ ዜሮ የሚሆነው ስንት ስሸጥ ነው? ወለዱስ እስከ ስንት ቢወጣ ያዋጣኛል?

አንዋር፦ ቀላል ነው። ማሽኑን ለ5 ስታካፍለው የዓመት እርጅናው 240,000 ይመጣል። ከ360,000 ጋር 600,000 ሆነ። ከአንድ ብሎኬት 10 ብር ስለሚተርፍህ 60,000 ከሸጥክ ወጪህን ሸፈንክ፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው።

ወይዘሮ ሰዓዳ (ደሴ)፦ እኔ ፒያሳ አካባቢ እንጀራ እጋግራለሁ። ምጣዶቹን የገዛሁበትን ብር በስንት ወር እንደምመልስ ነው የማሰላው። አንተም እንደዚያ ብታደርግ አይሻልም?

ጌታቸው (ሒሳብ ባለሙያ)፦ እትዬ ሰዓዳ፣ ያ ብሩ መቼ እንደሚመለስ ይነግርዎታል። ዘይኑ የጠየቀው ግን ብሩ 20 በመቶውንም ይዞ እንዲመለስ ነው።

አንዋር ያልከው ለሒሳብ መዝገብ ልክ ነው። እርጅናው ግን 1.2 ሚሊዮኑን ያለ ወለድ ነው የሚመልሰው። 60,000 ቢሸጥ በዓመት እጁ የሚገባው 240,000 ነው። ይህ በ20 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ 718 ሺህ ገደማ ይሆናል። ኤንፒቪው ወደ 482 ሺህ ብር ይጎድላል ማለት ነው።

ዘይኑ፣ አካሄዱ ይኸውልህ። በ20 በመቶ ለ5 ዓመት በየዓመቱ የሚገባ 1 ብር ዛሬ 2.9906 ብር ያወጣል። 1,200,000ን በዚያ አካፍል፤ 401,257 ይመጣል። ማሽኑ በየዓመቱ ይህን ያህል ማስገባት አለበት። 360,000 ጨምርበትና ለ10 አካፍል። 76,126 ብሎኬት ነው።

ወለዱን ደግሞ በ85,000 እንየው። በዓመት 490,000 ይገባሃል። ኤንፒቪው ዜሮ የሚሆነው 29.7 በመቶ አካባቢ ነው። የትርፍ ግብር አላስገባሁም፤ ሲገባ ብሎኬቱ ከፍ፣ ወለዱ ዝቅ ይላል።

ዘይኑ፦ ጋሽ ጌታቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኤክሴል ላይ እንዴት ላድርገው?

ጌታቸው፦ B1 ላይ -1200000 ጻፍ። D1 ላይ 85000 አድርግ። ከB2 እስከ B6 ድረስ =$D$1*10-360000 አስገባ። ከዚያ ኤንፒቪውን በመጀመሪያው፣ ኤንፒቪውን ዜሮ የሚያደርገውን ወለድ በሁለተኛው ቀመር ታገኛለህ፦

```
=B1+NPV(20%,B2:B6)
=IRR(B1:B6)
```

የመጀመሪያው ቀመር ያለበትን ሴል በGoal Seek 0 አድርግና D1ን እንዲቀይር እዘዘው። ብዙ ሰው B1ንም NPV ውስጥ ይከትተዋል። ያኔ የዛሬው ብር ከዓመት በኋላ እንደሚወጣ ይቆጠርና መልሱ በ1.2 ተካፍሎ ይመጣል። ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ አይለወጥም፤ የብሩ መጠን ግን ይሳሳታል።

ሙስጠፋ (ኮንትራክተር)፦ አብሽር ዘይኑ፣ ግን አንድ ነገር ዘንግተሃል። ብሎኬት በዱቤ ነው የሚሄደው። ሲሚንቶውን አንተ በካሽ ትገዛለህ፤ ብርህ ግን ሕንፃው ፎቅ እስኪወጣ እኛ ጋ ይቀመጣል።

ዘይኑ፦ እውነት ነው። ወደ 200,000 ብር ሳይያዝብኝ አይቀርም።

ጌታቸው፦ ሙስጠፋ ዋናውን ነገር አነሳው። ያ ብር በ5ኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ ቢመለስ እንኳ በየዓመቱ 20 በመቶው፣ 40,000 ብር፣ ይቀርብሃል። ያ 4,000 ብሎኬት ነው። ነጥቡ ወደ 80,126 ወጣ። የሚያዋጣህ ወለድም ወደ 24.4 በመቶ ይወርዳል። B1 ላይ 200,000 ጨምረህ ቀንስ፤ B6 ላይ መልሰህ ደምር። አንድ ኮንትራክተር ሳይከፍል ከጠፋ ግን ይህም አይሠራም።

አንዋር፦ አንድ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። 20 በመቶው የዋጋ ንረትን የያዘ ነው። ብሎኬቱን ግን 5 ዓመት ሙሉ 40 ብር ላይ አቆማችሁት። ዋጋው ሲጨምር ነጥቡ ይወርዳል።

ጌታቸው፦ ዋጋውም ወጪውም በእኩል መቶኛ ቢጨምር ትክክል ነህ። ሲሚንቶ ቀድሞ ከዘለለስ? ትርፉ ከ10 ወደ 8 ብር ቢወርድ ነጥቡ ከ80 ሺህ ወደ 100 ሺህ ያሻቅባል። የዘይኑ 85,000 አይበቃም። ስለዚህ እኔ የዋጋውን ጭማሪ አላስገባም።

አንዋር፦ ያ መፍራት እንጂ ማስላት አይደለም። ወይ ሁለቱም ይጨምሩ፣ ወይ ከ20 በመቶው ላይ ንረቱ ይቀነስ።

ሙስጠፋ፦ እኔ ባየሁት ሲሚንቶ ሲወደድ ብሎኬትም ይወደዳል፤ የሚዘገየው ቀድሞ በውል የታሰረው ነው። ዘይኑ፣ ከ85,000ው ስንቱን በውል ነው የምትሸጠው?

ዘይኑ፦ ግማሹን ያህል። ዋጋው በውል የታሰረውንና ያልታሰረውን ለይቼ እንደገና አስልቼ እመለሳለሁ።