«የራሴ ቤት ነው፣ ምን ላንኳኳ!»

ተከራይዋ፦ አከራዬ በትርፍ ቁልፍ ሳይነግሩኝ ይገባሉ። ባለፈው ከሻወር ስወጣ ሳሎን ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ቧንቧ ሊያዩ ነው አሉ። «ምነው ቢያንኳኩ?» ስላቸው «የራሴ ቤት ነው፣ ምን ላንኳኳ!» ብለው አረፉት። ሳንጣላ እንዴት ላስቁማቸው?

አከራይ ነኝ፦ ታዲያ ቤቱ የማን ነው? የኔ ተከራይ የሚያፈስ ቧንቧ ለወራት ደብቆኝ ግድግዳው በስብሶ ነው የደረስኩት። አትይ ከተባልኩ ኪሳራውን ማን ይከፍለኛል?

የውል ሰው፦ ማየት ማን ከለከለህ? ቤቱ የሳቸው ነው፣ የምትኖርበት ግን እሷ ናት። ኪራይ የሚቀበሉትም ለዚሁ ነው። በብዙ አገር ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ማሳወቅ የተለመደ ነው። እሳት ከተነሳ፣ ጋዝ ከሸተተ ወይም ውኃ ካጥለቀለቀ ማንም ቀጠሮ አይጠብቅም። ቧንቧ ማየት ግን ድንገተኛ አይደለም።

ምርር ያለው፦ ምን ታለማምጫለሽ፣ ቁልፉን ቀይሪው! እኔ ቀይሬ ተገላገልኩ።

የውል ሰው፦ ተገላገልክ ወይስ ተባረርክ? ውሉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትቀይር የሚል ከሆነ ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች። ኪራይ መያዝም እንደዚያው ነው፣ እንዳትሞክሪው።

ምርር ያለው፦ ተባረርኩ። ግን በኩራት!

የጊቢ ልጅ፦ የኔዋ ደግሞ እንግዳ አታምጪ ይላሉ፣ እሱስ?

የውል ሰው፦ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ውልሽን እዪ። ተከራይዋ፣ በቃል ብቻ አትንገሪያቸው፣ ጻፊላቸው። እንዲህ በይ፦ «ጋሼ፣ ቤቱን ማየት ሲፈልጉ ከአንድ ቀን በፊት ምክንያቱንና ሰዓቱን ይንገሩኝ። ቅዳሜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሁሌም እቤት ነኝ። ሲመጡ አንኳኩተው እስክከፍት ይጠብቁኝ። ውኃ ከፈሰሰ ወይም እሳት ከተነሳ ግን ሳይጠብቁ ይግቡና ወዲያው ይደውሉልኝ።» ከዚያ በኋላም ሳይነግሩ ከገቡ፣ የዚያኑ ቀን «ጋሼ፣ ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ገብተው ነበር» ብለሽ በትህትና ላኪ። አንድ ቀን ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቢደርስ ቀኑና ሰዓቱ ስልክሽ ላይ ይገኛል።

አከራይ ነኝ፦ ሰዓት ተቆርጦላቸው? ሐኪም ናቸው እንዴ፣ በገዛ ቤታቸው ቀጠሮ የሚያዝላቸው!

የውል ሰው፦ አሁንም «በገዛ ቤታቸው»። አንተ ተከራይህ ሳሎንህ ድረስ ዘው ብሎ ቢገባ ዝም ትላለህ?

አከራይ ነኝ፦ እሱ ኪራይ የሚከፍል እንጂ የሚቀበል አይደለም።

የጊቢ ልጅ፦ ሆሆ፣ ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?

ተከራይዋ፦ ላክሁላቸው። «እሺ ልጄ» አሉ። በማግስቱ ደወሉልኝ። ስመልስ ድምፃቸው በስልክም በሳሎንም ተሰማኝ።

አከራይ ነኝ፦ ደወሉ እኮ!