የላቫንዲኖው የፊት ጠርዝ ከግራናይቱ ጋር አልገጥም አለኝ

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን የወጥ ቤቱን ላቫንዲኖ ግራናይቱ ላይ በተቆረጠለት ቦታ ብገጥመውም፣ የፊት ጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቶ ውኃ ወደ ታችኛው ቁም ሣጥን ያስገባል። ሲሊኮኑን በጠርዙ ሥር ዙሪያውን ሳላቋርጥ ቀብቼዋለሁ፤ ክሊፖቹን ግን የኋላውን ጎን እስከ መጨረሻ አጥብቄ ከጨረስሁ በኋላ ነው ወደ ፊት የመጣሁት፣ ጠርዙን ያነሣውም ይህ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ግራናይቱ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው የፊቶቹ ክሊፖች ከሥር በቂ መያዣ አያገኙም፤ ብሎኑን ይበልጥ ሳጠብቀው ደግሞ ቆርቆሮው ይጎብጣል። በተነሣው ጠርዝ ላይ ሲሊኮን መደረብ ክፍተቱን ከመሸፈን አያልፍም ብዬ ስለማምን፣ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ፍቄ፣ በአልኮል አጽድቼና አድርቄ እንደገና ልገጥመው አስቤአለሁ። ታዲያ ለዚህ ውፍረት የሚበቃ ረዥም ክሊፕ መፈለግ ይሻለኛል ወይስ በክሊፖቹ ቦታ ግራናይቱን ከሥሩ ማሳሳት? ሲሊኮኑ እስኪጠነክር 24 ሰዓት ክብደት ብጭንበትስ ጠርዙ ተኝቶ ይቀራል? የሞከራችሁ ባለሙያዎች እባካችሁ አስረዱኝ።