የብሎካችን ፍሳሽ መስመር፣ ረቂቅ 3፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ በረቂቁ መሠረት ከሦስቱ መታጠቢያ ቤቶች የሚመጣው ባለ 110 ሚሊሜትር ቱቦ በሱቅ 02 ሶሌታ ሥር 14 ሜትር ተጉዞ ወደ ውጪው ማንሆል ይገባል። መዋጮው የሚሰበሰበው በዚህ ስሌት ነው።

ቤት 304፦ ንድፉ መስመሩን ከላይ ብቻ ስለሚያሳይ ከቢሙ ጋር መጋጨቱ አይታይበትም። ቢሙ ከሶሌታው ሥር 35 ሴንቲሜትር ወርዷል፣ መስመሩም 9 ሜትር ላይ ያገኘዋል። ቢም ስለማይበሳ የቱቦው ጀርባ እዚያ ቦታ ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በሁለት በመቶ ቁልቁለት ሲሰላ መነሻው 22፣ መድረሻው 50 ይሆናል፤ የቱቦው ሆድ ደግሞ መጨረሻው ላይ 61 ይደርሳል።

ሱቅ 02፦ ከ2.80 ሜትር ከፍታ 2.19 ሊቀርልኝ ነው ማለት ነው? መደርደሪያዬ 2.40 ነው። እሱን የሚያስቆርጥ ዕቅድ ላይ አልፈርምም።

ቤት 201፦ ለአንድ መደርደሪያ ሕንፃው ሙሉ ይሽተት? ቁልቁለቱን ግማሽ በመቶ እናድርገውና 21 ሴንቲሜትር እናትርፍ፤ ውሃ ትንሽ ካዘነበለለት ይሄዳል።

ቤት 304፦ ከፍታውን የሚወስነው ቢሙ ስለሆነ የሚተርፈው ከቢሙ በኋላ ባለው 5 ሜትር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም 7.5 ሴንቲሜትር ነው። ውሃውማ ይሄዳል፣ ከባዱ ነገር ግን ቱቦው ውስጥ ይቀራል። አሁን የሚደፈነው መስመር ላይ ውሃ ልክ ብታስቀምጡ አረፋው መሐል ላይ ይቆማል። እስከ አንድ በመቶ እስማማለሁ፣ ከዚያ በታች ግን ስሜን አውጡልኝ።

ሱቅ 02፦ አንድ በመቶም ቢሆን 5 ሴንቲሜትር ነው የሚያተርፈው፤ መደርደሪያውን አያድነውም። ማን ይከፍለኛል?

ቤት 402፦ እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ብቻ ነው። ስለ መደርደሪያ ከምትጨቃጨቁ ታንከርም በዕቅዱ ይግባ።

ቤት 105፦ የወንድሜ ልጅ መስመሩን ከነከፍታው በአይሶሜትሪክ ይሥልልናል፤ ነገ አመጣለሁ።

ቤት 304፦ ሲሥል አንድ ነገር ያስተካክል። ቁሙ ቱቦ ወደ አግድም በሚዞርበት ቦታ ረቂቁ አንድ የ90 ዲግሪ ኤልቦ ጽፏል፤ ሁለት ባለ 45 መሆን አለበት፣ ከአጠገቡም የማጽጃ ክዳን ይግባ። መሐለኛው መታጠቢያ ቤት በሚገናኝበት ደግሞ በቲ ፈንታ ዋይ ይሁን፤ ጠፍጣፋ የተኛ ቲ ፍሳሹን ወደ ኋላም ይረጨዋል።

ቤት 201፦ ሁለቱ ኤልቦዎች በዚያ 22 ሴንቲሜትር ውስጥ ይበቃሉ? እርስዎ ብለው ነው እንጂ እኔማ አላምንም።

ቤት 304፦ ሳልለካ አልመልስም። ካልበቁ መስመሩ ሁሉ ይወርዳል።

ሱቅ 02፦ ይባስ! እንግዲያው በመተላለፊያው በኩል ይሂድ።

ቤት 304፦ በዚያ በኩል 20 ሜትርና ሁለት ተጨማሪ መታጠፊያ አለው፤ በሁለት በመቶ ብቻ 40 ሴንቲሜትር ይወርዳል።

ሱቅ 02፦ እዚያ መደርደሪያ የለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ከቤት 105 ሥዕሉ አልደረሰም፣ ስልክም አይነሳም። ረቂቅ 4 የሱቁን መደርደሪያ ካሳ፣ መተላለፊያውን በአማራጭነትና የታንከሩን ዋጋ ይይዛል፤ የቁልቁለቱ ቦታ ለጊዜው ባዶ ይተዋል።